የሙከራ አፕ ግብዣ ደርሶዎት «አፑ የለም» ካለዎት

በፕሌይ ስቶር የሚላክ የዝግ ሙከራ ግብዣ የሚሠራው አፑን የሠሩት ሰዎች በመዘገቡት ጂሜል ብቻ ነው። ፒያሳ ስልክ ሲገዙ ሻጩ የከፈተው ጂሜል እዚያው ከቀረ፣ ሊንኩ በእሱ ይከፈትና አፑ የለም ይላል። ሊንኩ አልተበላሸም፤ አካውንቱ ነው የተሳሳተው።

ፕሌይ ስቶር ላይ ከላይ በቀኝ ያለችውን ክብ ምስል ነክተው የተጋበዘውን ጂሜል ይምረጡ። ክሮም ላይም በዚያው ጂሜል ገብተው ሊንኩን ይክፈቱና Become a tester የሚለውን ይጫኑ። አፑ ወዲያው ካልታየ ትንሽ ቆይተው ይሞክሩ።

በኋላ ወደ መደበኛው አፕ ለመመለስ ግን ከሙከራው መውጣት ብቻውን አይበቃም፤ የሙከራው አፕ ስልኩ ላይ ይቀራል። አጥፍተው መደበኛውን መጫን አለብዎት። ስልኩ ላይ ብቻ ያለ ዳታ አብሮ ስለሚጠፋ አስቀድመው ወደ ሌላ ቦታ ይገልብጡት።