የሠርግ ቀን ሲቆረጥ የሚሠሩ ስህተቶች

ደሴ ውስጥ ሠርግ አሰናዳለሁ። ከማያቸው ስህተቶች ሁሉ የሚያንገበግበኝ ዘመነ ዮሐንስን መዘንጋት ነው።

ጥር 12 ብዙ ቤተሰብ የሚመኛት ቀን ናት። ቃና ዘገሊላ ናት፣ ጌታ በሠርግ ቤት ውኃውን ወይን ያደረገባት፤ በዚያ ላይ ሚካኤል ነው። «ገድ ያላት ቀን» ይሏታል። በ2016 እሑድ ላይ ስለዋለች አዳራሽ ሁሉ ተሻማባት። አንድ ቤተሰብ በጥሪ ካርዱ ላይ በአማርኛው ጥር 12 ብሎ፣ ውጭ ላሉት ዘመዶች ደግሞ ጃንዋሪ 20 ብሎ አሳተመ። በሌላ ዓመት ቢሆን ልክ ነበር። በዚያ ዓመት ግን ጃንዋሪ 20 ቅዳሜ፣ የጥምቀት ዕለት ነበር። የሙሽራዋ አክስት ቅዳሜ ሠርግ በልታ እሑድ ጠዋት ከኮምቦልቻ ለመብረር ትኬት ቆርጣ መጣች። ትኬቱን መቀየር አልተቻለም፤ ያሳደገቻት ልጅ ስትሞሸር ሳታይ ሄደች። ይህ በአምስት ደቂቃ ስሌት የሚቀር ጥፋት ነበር!

ስሌቱ እንዲህ ነው። በዓመተ ምሕረቱ ላይ 5500 ደምሩና ለ4 አካፍሉ። ቀሪው 1 ከሆነ ማቴዎስ፣ 2 ማርቆስ፣ 3 ሉቃስ፣ ያለ ቀሪ ከተካፈለ ዮሐንስ ነው። ለ2016 ድምሩ 7516 ነው፤ ለ4 ያለ ቀሪ ይካፈላል። ጳጉሜን 6 የምትሆነው በሉቃስ ማብቂያ ስለሆነ፣ የዮሐንስ መስከረም 1 በሴፕቴምበር 12 ይውላል። የአንድ ቀኑ ልዩነት እስከ የካቲት 21 ይቆያል፤ ከዚያ በኋላ ይስተካከላል። ሰዎች ጳጉሜን ስድስት ስትሆን ያዩና ነገሩ በዚያው ያለቀ ይመስላቸዋል፤ የሚጎዳቸው ግን በጥር ነው። ቀጣዩ ዘመነ ዮሐንስ 2020 ነው።

የቀኑን ስም ብቻ አይታችሁ በሬ አትግዙ። በ2019 ጥር 12 ረቡዕ ነው፤ መጀመሪያ ስለ ጾሙ የንስሐ አባታችሁን ጠይቁ።

«የጁምዓ ሌሊት» ተብሎ ለኒካህ ስትጠሩ ሐሙስ ማታ ሂዱ፤ በእስልምና ዕለቱ የሚጀምረው ፀሐይ ስትጠልቅ ነውና። ክርስቲያን ጎረቤቶች ዓርብ ማታ ለባብሰው ሲመጡ ድንኳኑ ፈርሶ አግኝተውታል። ጠሪዎችም «ሐሙስ ማታ፣ ለዓርብ አጥቢያ» ብላችሁ ጻፉ። ለመንገድም ያው ነው፦ «በሚካኤል ልነሣ» ብሎ አውቶቡሱ ሌሊት 11 ሰዓት የሚወጣበት ሰው፣ መናኸሪያ መድረስ ያለበት 11ኛው ቀን መሽቶ ለ12 ሲያነጋ ነው።

በግንቦት መሞሸር ገድ የለውም የምትሉ ደግሞ ፋሲካን ቀድማችሁ እዩ። በ2016 ፋሲካ ሚያዝያ 27 ነበር። ለእናንተ የቀሩት ሦስት ቀናት ብቻ፣ ሰኞ፣ ማክሰኞና ረቡዕ ነበሩ፤ ሰኞ ደግሞ የደሴ ገበያ ነው።