«የመዘበረው ተጠርጣሪ» የሚባል ሰው የለም፦ በችሎት ዜና ላይ ደጋግሜ የማርማቸው ስህተቶች

«አንድ ሚሊዮን ብር የመዘበረው ተጠርጣሪ ፍርድ ቤት ቀረበ።»

ይህ ዓረፍተ ነገር በየሳምንቱ ጠረጴዛዬ ላይ ይመጣል። ብሩ ይለያያል፣ ወንጀሉ ይለያያል፣ አሠራሩ ግን አንድ ነው። የጻፈው ልጅ «ተጠርጣሪ» የምትለውን ቃል ስላስገባ የተጠነቀቀ ይመስለዋል። ጥፋቱ ግን ያለው ከፊቷ ባለችው ግስ ላይ ነው። «የመዘበረው» ስንል ሰውዬው መመዝበሩን ራሳችን አረጋገጥን። ከዚያ በኋላ «ተጠርጣሪ» ብንለውም «ግለሰብ» ብንለውም ለውጥ የለውም።

መለያው ቀላል ነው። «ተጠርጣሪ»ን አውጥታችሁ «ሰው» የሚለውን ተኩበት። «አንድ ሚሊዮን ብር የመዘበረው ሰው» ይሆናል። ፍርድ ሰጥታችኋል ማለት ነው። «አንድ ሚሊዮን ብር በመመዝበር የተጠረጠረው ሰው» ካላችሁ ግን ዓረፍተ ነገሩ የሚናገረው ስለ ጥርጣሬው ብቻ ነው። «የገደለው»፣ «ያታለለችው»፣ «የደፈረው» ሁሉ በዚሁ ይታረማሉ።

ይህ ስህተት ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከክስ ማመልከቻው ነው። ዐቃቤ ሕግ ክሱን የሚጽፈው በእርግጠኝነት ቃል ነው፤ «በፈጸመው ከባድ እምነት ማጉደል ወንጀል ተከሷል» ብሎ ይዘጋል። ይህ የአንድ ተከራካሪ ወገን ጽሑፍ ስለሆነ እንዲያ መጻፉ ተገቢ ነው። እኛ ግን ገልብጠን ስንለጥፈው የዐቃቤ ሕጉ ክርክር የእኛ ዜና ይሆናል። ስለዚህ ከክሱ በምትወስዱት እያንዳንዱ አንቀጽ ላይ «ክሱ እንደሚለው» ወይም «ዐቃቤ ሕግ በክሱ እንዳመለከተው» ብላችሁ ግቡ። መግቢያው ላይ አንድ ጊዜ ብሎ መተው አይበቃም። ሦስተኛው አንቀጽ ላይ የደረሰ አንባቢ ማን እየተናገረ እንደሆነ ረስቶታል። «ተብሏል»ም አያድንም፤ ማን አለ?

በጊዜ ቀጠሮ ላይ ያለውን ሰው «ተከሳሽ» ማለት

ገና ክስ የለም። ፖሊስ የያዘውን ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት ያቀርባል፣ ምርመራዬ አላለቀም ብሎ ጊዜ ይጠይቃል፣ ፍርድ ቤቱ በአንድ ጊዜ ከ14 ቀን ያልበለጠ ይፈቅዳል። እስከዚያ ሰውየው ተጠርጣሪ ነው። ተከሳሽ የሚሆነው ዐቃቤ ሕግ ክስ ሲመሠርት ነው። ምርመራው አልቆ ክስ ሳይመሠረት ወደ ቤቱ የሚመለስም አለ።

በዋስ መለቀቅን «ነጻ ወጣ» ብሎ መጻፍ

ክርክሩ እንደቀጠለ ነው። ከእስር ወጣ እንጂ ከክስ አልወጣም።

«ይከላከል» ማለት «ጥፋተኛ ነህ» ማለት አይደለም

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ይህን ስህተት እኔም ሠርቼዋለሁ።

ጀማሪ ሳለሁ የአንድ መሥሪያ ቤት ንብረት ክፍል ሠራተኛ ጉዳይ እከታተል ነበር። ሰውየው የተከሰሱት 86 የመኪና ጎማ አጉድለዋል ተብለው ነው። ዐቃቤ ሕግ ቆጠራ ያደረጉትን ሰዎች በምስክርነት አሰማ። ብይን በሚሰጥበት ቀን ችሎቱ ሞልቷል፣ ዳኛው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነው የሚያነቡት። «ዐቃቤ ሕግ እንደ ክሱ አስረድቷል» ሲሉ ሰማሁ። የቀረውን አልጠበቅኩም። ወጥቼ ደወልኩ። «የንብረት ክፍል ሠራተኛው ጥፋተኛ ተባለ» የሚል ዜና ወጣ።

ጥፋተኛ አልተባሉም። ዳኛው ቀጥለው «ይከላከሉ» ነበር ያሉት።

በወንጀል ሥነ ሥርዓት ሕጋችን ዐቃቤ ሕግ ማስረጃውን አሰምቶ ሲጨርስ ፍርድ ቤቱ አንድ ጥያቄ ብቻ ይመልሳል። ይህ ማስረጃ ተቃራኒ ማስረጃ ባይቀርብበት ለጥፋተኝነት ይበቃል ወይ? አይበቃም ካለ፣ በአንቀጽ 141 መሠረት ተከሳሹ መከላከያ ማቅረብ ሳያስፈልገው በነጻ ይሰናበታል። ይበቃል ካለ፣ በአንቀጽ 142 መሠረት እንዲከላከል ይነገረዋል። ያን ቀን የተሰማው የአንድ ወገን ማስረጃ ብቻ ነው። የሌላው ወገን ገና ተራው ነው።

ሰውየው ተራቸው ሲደርስ ሞዴል 22 ይዘው መጡ። ጎማዎቹ ለሌላ ቅርንጫፍ ወጪ የተደረጉበት፣ የተረካቢ ፊርማ ያለበት ሰነድ ነው። ተረካቢውም መጥተው መሰከሩ። ፍርድ ቤቱ በነጻ አሰናበታቸው።

ያን ዕለት ኮሪደሩ ላይ እህታቸው ጠበቁኝ። ስልካቸው ላይ የእኔን የድሮ ዜና ከፍተው ያዙት። «እርስዎ ነዎት የጻፉት?» አሉኝ። አዎ አልኩ። «ልጁ ትምህርት ቤት ይህንን አሳይተውት ነው የመጣው» አሉና ሄዱ።

እንዲህ ጻፉት፦ «ፍርድ ቤቱ ተከሳሹ የቀረበባቸውን ክስ እንዲከላከሉ ብይን ሰጠ። ብይኑ የጥፋተኝነት ውሳኔ አይደለም። መከላከያ ምስክሮችን ለመስማት ቀጠሮ ተሰጥቷል።» ሁለተኛውን ዓረፍተ ነገር ቦታ የለም ብላችሁ አትቁረጡት። ብዙ አንባቢ «ብይን» ሲል የሚሰማው «ተፈረደበት» ነው። በርዕሱ ላይም «እንዲከላከሉ» የሚለው ቃል ይግባ።

ብይኑን በደንብ ካልሰማችሁ አትገምቱ። ችሎቱ ሲነሳ የችሎት ጸሐፊውን ጠይቁ፣ ከዚያ ዐቃቤ ሕጉንም የተከሳሹን ጠበቃም ጠይቁ። የሁለቱ መልስ ካልገጠመ ብይኑን በጽሑፍ እስክታዩ ያዙት።

አንድ ነገር ደግሞ አለ። አንዳንዴ ፍርድ ቤቱ አንቀጽ ለውጦ ነው ይከላከሉ የሚለው። በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 539 በከባድ ግድያ የተከሰሰ ሰው በ540፣ በተራ ግድያ፣ እንዲከላከል ሊባል ይችላል። የመጀመሪያው ዕድሜ ልክ ወይም ሞት ያስቀጣል፤ ሁለተኛው ከ5 እስከ 20 ዓመት ነው። ከዚያ በኋላም «በከባድ ግድያ የተከሰሰው» እያሉ መቀጠል ፍርድ ቤቱ የተወውን ክስ በሰውየው ላይ ተሸክሞ መዞር ነው።

ሰው ሲታሰር አንቱታውን መንጠቅ

ትናንት «አቶ እገሌ ገለጹ» ስንል የነበርነው ሰው ሲያዝ «ግለሰቡ ተያዘ» ይሆናል። ማንም ትዕዛዝ አልሰጠንም፤ እጃችን በራሱ ይጽፈዋል። አንባቢው ግን ወዲያው ይገባዋል፦ ሰውየው ወርዷል። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 20 ላይ የተከሰሰ ሰው በፍርድ ሂደት ላይ ሳለ እንደ ጥፋተኛ ያለመቆጠር መብት አለው ይላል። በአማርኛ ይህ መብት ከሚጣስባቸው ቦታዎች አንዱ ግሱ መጨረሻ ላይ ነው። «ቀረቡ» እና «ቀረበ» ልዩነት አላቸው። ምስክሩን «እሳቸው»፣ ተከሳሹን «እሱ» የሚል ዜና ደግሞ በግልጽ ወግኗል። ለሁሉም አንድ ዓይነት አጠራር ያዙ።

በነጻ ለተሰናበተ ሰው «በማስረጃ እጥረት» የሚል ጭራ መቀጠል

ይህን የሚጨምሩት ማብራሪያ ሰጠን ብለው ነው። አንባቢው የሚሰማው ግን «ሠርቶታል፣ ግን አልተያዘም» ነው። ፍርድ ቤቱ ያለው «በነጻ» ነው፤ እንዲሁ ጻፉት። ምክንያቱን መጥቀስ ከፈለጋችሁ ከውሳኔው ውሰዱ፦ የትኛው ምስክር አልታመነም፣ የትኛው ሰነድ ክሱን አፈረሰው።

የንብረት ክፍል ሠራተኛውን ዜና መጨረሻ ላይ እንዲህ አወጣሁት፦ «86 ጎማ በማጉደል ተከሰው የነበሩት ሠራተኛ በነጻ ተሰናበቱ፤ ጎማዎቹ ለሌላ ቅርንጫፍ መውጣታቸው በሰነድ ተረጋግጧል።» የመጀመሪያው ዜና በወጣበት ቦታ፣ በዚያው መጠን። ከሥሩም ያኔ «ጥፋተኛ ተባለ» ያልነው ስህተት እንደነበር ጻፍኩ። የድሮው ዜና ላይም ይኸው ማረሚያ ገባ፤ ከዚያ በኋላ የሚከፍተው ሰው መጀመሪያ የሚያነበው እሱን ነው።