ፕሮቲን ከኒኬል ሬዚን ሲወርድ የሚሠሩ ስህተቶች

ደሴ በሚገኝ አንድ ቤተ ሙከራ አንዲት ተማሪ በኢ. ኮላይ ያመረተችውን 40 ኪሎዳልተን የሚመዝን ባለ ሂስቲዲን ምልክት ፕሮቲን ታጣራ ነበር። ፕሮቲኑ የተጣበቀበትን የኒኬል ሬዚን፣ ፕሮቲንን ከኒኬል በሚያላቅቀው በኢሚዳዞል፣ በ20 ሚሊሞላር አጥባ፣ ፕሮቲኑን በ250 ሚሊሞላር በአንድ ጊዜ አወረደችው። ጄሉ ላይ ከ40 በታች፣ 25 አካባቢ፣ ሌላ ወፍራም መስመር ታየ።

«ጋሼ፣ ፕሮቲኔ ተቆርጦ ይሆን?» አለችኝ።

ባዶ ፕላዝሚድ ከያዘ ባክቴሪያ የወጣ ጭማቂ በዚያው ሬዚን እንድታሳልፍ ነገርኳት። መስመሩ አሁንም ታየ። ስለዚህ ከፕሮቲኗ የተቆረጠ አልነበረም። ኢ. ኮላይ በተፈጥሮው ሂስቲዲን የበዛበት ስላይዲ የተባለ ፕሮቲን አለው፤ ጄል ላይ የሚታየው በዚያው አካባቢ ነው፣ ኒኬልንም አጥብቆ ይይዛል።

የመጀመሪያው ስህተት እንግዲህ ሁሉንም በአንድ ጊዜ ማውረዱ ነው። 1 ሚሊ ሊትር ሬዚን ላይ ኢሚዳዞሉን ከ20 ወደ 300 ሚሊሞላር በ20 ሚሊ ሊትር ውስጥ ቀስ በቀስ ከፍ ብናደርገው፣ እያንዳንዱ የ1 ሚሊ ሊትር ፍራክሽን በ14 ሚሊሞላር ይጨምራል። እንዲህ ስናደርግ የእርሷ ፕሮቲን በብዛት ከ7ኛው እስከ 10ኛው ወጣ፤ የ25ቱ መስመር ከ10ኛው ጀምሮ ደመቀ። 10ኛውን ትተን ሦስቱን ብቻ ቀላቀልን። መጠኑ ቀነሰ፣ ንጽሕናው ግን አስደሰተን። ሁለቱ ተደራርበው ቢወርዱ ኖሮ ይህ ዘዴ አይለያቸውም ነበር፤ ያኔ በመጠን የሚለይ ሌላ ዓምድ ያስፈልጋል።

ሁለተኛው ስህተት ፕሮቲን በሚመጥጠው ብርሃን የሚለካበትን የ280 ናኖሜትር ንባብ ብቻ ማመን ነው። ኢሚዳዞልም በዚያው ሞገድ ጥቂት ብርሃን ይመጥጣል፤ በተለይ ንጽሕናው ዝቅተኛ ከሆነ። የኢሚዳዞሉ መጠን ሲጨምር ንባቡም አብሮ ይወጣል፣ ተማሪውም ፕሮቲን የወረደ ይመስለዋል። ፕሮቲን ሳይኖር ተመሳሳዩን ጭማሪ አንድ ጊዜ አሳልፋችሁ መነሻውን እዩ። ነጠላ ፍራክሽን ስትለኩም መሣሪያውን ዜሮ የምታደርጉት ያንኑ የኢሚዳዞል መጠን በያዘ ባፈር ይሁን።

የኢሚዳዞል ባፈሩን ፒኤች ሳያስተካክሉ መጠቀምም የተለመደ ነው። ኢሚዳዞል ቤዝ ስለሆነ ፒኤቹ ወደ 8 ካልወረደ ኢሚዳዞሉ በጨመረ ቁጥር ፒኤቹም አብሮ ሊለወጥ ይችላል፤ ፕሮቲኑን ያወረደው የትኛው እንደሆነም አይታወቅም።

የቀረው ጄሉ ነው። ጥቂት ፕሮቲን ከጫናችሁ ማንኛውም ናሙና ንጹሕ ይመስላል። እኔ ያንኑ ናሙና በ1 እና በ10 ማይክሮግራም ጎን ለጎን አስጭናለሁ፤ ቆሻሻው የሚታየው በ10ሩ ነው። ሌላም አለ፦ በደሴ ቀዝቃዛ ጠዋት የናሙና ባፈሩ ውስጥ ያለው፣ ፕሮቲኑን የሚዘረጋው ኤስዲኤስ ነጭ ሆኖ ይረጋል። እንዲያ እንዳለ ከተጠቀማችሁበት ናሙናው የሚደርሰው ኤስዲኤስ ያንሳል፣ መስመሮቹም ሊንሻፈፉ ይችላሉ። በሞቀ ውኃ ውስጥ አኑራችሁ ሙሉ በሙሉ እስኪሟሟ ጠብቁ፤ ከዚያ ቅዱ።