አሲድ፣ በረኪና ወይስ ኢንዛይም? የሽንት ቤት መቀመጫን በየሳምንቱ በምን እናጽዳ

በመቀመጫው ውስጥ፣ ልክ ውሃው በሚቆምበት መስመር ላይ፣ ቡናማ ቀለበት ሲታይ ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚያነሳው በረኪና ነው። ቀለበቱ ወዲያው ይነጣል፤ ከጥቂት ቀናት በኋላ ግን እዚያው ቦታ ላይ ይመለሳል። ምክንያቱም በረኪና ቀለሙን ያጠፋል፣ ጀርምም ይገድላል እንጂ ከውሃው የሚዘቅጠውን የኖራ ቅርፊት አያሟሟም። ሻካራው ቅርፊት በነበረበት ስለሚቆይ አዲስ ቆሻሻ በቀላሉ ይይዛል። ለማረጋገጥ ጓንት አድርገው በጣትዎ ይዳስሱት፤ ነጭ ሆኖ ከሻከረ ኖራው አልለቀቀም ማለት ነው።

ኖራን የሚያሟሟው አሲድ ነው። ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ያለባቸው ማጽጃዎች ፈጣንና ኃይለኛ ስለሆኑ ለቆየ ቅርፊት ብቻ ቢውሉ ይሻላል፤ ብረትንና እብነ በረድን ይበላሉ። ለዘወትር ጽዳት የምመርጠው ለዘብ ያለውን ሲትሪክ አሲድ ነው። አሠራሩም እንደሚከተለው ነው።

1. መስኮት ይክፈቱ፣ የጎማ ጓንት ያድርጉ፤ ቀደም ሲል በረኪና ተጠቅመው ከሆነ ውሃ ደጋግመው ይልቀቁ።
2. በመቀመጫው ውስጥ ያለው ውሃ አሲዱን እንዳያቀጥነው በብሩሽ ወደ ቱቦው እየገፉ ዝቅ ያድርጉት።
3. ሦስት የሾርባ ማንኪያ የሲትሪክ አሲድ ዱቄት በግማሽ ሊትር ለብ ያለ ውሃ ያሟሙ።
4. የሽንት ቤት ወረቀት በውህዱ ነክረው በቀለበቱ ላይ ይለጥፉ፤ የተረፈውን ከጠርዙ ሥር ያፍስሱ። ትናንሽ አረፋዎች ከታዩ አሲዱ ኖራውን እያሟሟ ነው።
5. ከአንድ ሰዓት በኋላ፣ ቅርፊቱ ወፍራም ከሆነም በማግስቱ፣ በብሩሽ ፈትገው ውሃ ይልቀቁ።

ቅርፊቱ አንዴ ከለቀቀ በሳምንት አንድ ጊዜ ቀጠን ያለ ውህድ ለግማሽ ሰዓት አፍስሶ መፈተግ ይበቃል።

በረኪናን፣ በቤት ውስጥ ተቅማጥ ወይም ትውከት ያለበት ሰው ሲኖር፣ ለጀርም ማጥፊያነት ያቆዩት። ቆሻሻ ኃይሉን ስለሚያዳክመው በቅድሚያ መቀመጫውን አጽድተው፣ ከዚያ በማሸጊያው ላይ የተጻፈውን ደቂቃ ያህል ያቆዩት። ከአሲድ ጋር ፈጽሞ አይገናኝ፤ ሁለቱ ሲቀላቀሉ መርዛማ የክሎሪን ጋዝ ይወጣል። ዓይን የሚያቃጥልና የሚያስል ሽታ ከተሰማዎት ለማጠብ ጎንበስ ሳይሉ ወዲያውኑ ወጥተው ንጹሕ አየር ይፈልጉ።

ኢንዛይም ያለበት ማጽጃ ሥራው ከሁለቱም የተለየ ነው። ከሽንትና ከዓይነ ምድር የሚቀረውን ቅሪት ቀስ በቀስ ይሰባብራል፤ ስለዚህ ሽታን ከምንጩ ያጠፋል፣ ለሴፕቲክ ታንክም ይስማማል። ኖራን ግን አያነሳም፣ ጀርምንም አይገድልም። ሰዓታት ስለሚፈልግ ማታ፣ ሁሉም ከተኛ በኋላ ይፈሳል። በረኪና ወይም ጠንካራ አሲድ በቆየበት መቀመጫ ላይ ቢፈስ ስለሚበላሽ ከእነርሱ በተለየ ቀን ይጠቀሙበት።