ሻጋታው ከጣሪያ ነው፣ ከቤቱ አየር ነው ወይስ ከመሬት? ሲለዩ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

አዲስ አበባ ውስጥ በብዙ ግቢ የሚገኘውን ሰርቪስ ቤት እንውሰድ። ግድግዳው ብሎኬት፣ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ኮርኒሱ ቺፑድ ነው። በቆርቆሮውና በኮርኒሱ መካከል ብርድ የሚከላከል ነገር የለም። ኮርኒሱ ላይ ቡናማ ነጠብጣቦች ታይተዋል፤ ከቁምሳጥኑ ጀርባ ጥግ ጥጉን ጥቁር ሻጋታ ይዟል፤ በጓሮ በኩል ያለው ግድግዳ ደግሞ ከግርጌው ልስኑ እየረገፈ ነው። ተከራዩ «ጣሪያው ያፈሳል» ይላል፣ አከራዩ «ቤት ውስጥ እያበሰልክ ነው» ይላል። ሁለቱም በከፊል እውነት አላቸው፤ ችግሩ ለሦስቱም ምልክት አንድ ምክንያት መፈለጋቸው ነው።

ኮርኒስ ላይ የታየን ውሃ ሁሉ የዝናብ ማድረግ

በጣም የተለመደውና ብዙ ገንዘብ የሚያስወጣው ስህተት ይህ ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ፣ ዝናብ ከቆመ ከሳምንታት በኋላ፣ ጠዋት ላይ ኮርኒሱ ረጥቦ ይገኛል። ሰው ይጠራል፣ የቆርቆሮው ምስማር ይቀየራል፣ መገጣጠሚያው ይታተማል፤ በሳምንቱ ግን ነጠብጣቡ ይመለሳል።

ምክንያቱ ሰማዩ ነው። በበጋ ሌሊት ደመና ስለሌለ ቀጭኑ ቆርቆሮ ሙቀቱን በቀጥታ ወደ ሰማይ ይለቃል፤ ስለዚህ በዙሪያው ካለው አየር ይበልጥ ይቀዘቅዛል። ቤት ውስጥ ያለው አየር 20 ዲግሪ ሙቀትና 60 በመቶ እርጥበት ካለው፣ 12 ዲግሪና ከዚያ በታች የሆነ ነገር ሲነካ ውሃ ይሆናል። በእነዚያ ወራት የአዲስ አበባ ሌሊት ከ10 ዲግሪ በታች መውረዱ የተለመደ ነው። የምግቡ እንፋሎትና የሰው ትንፋሽ በኮርኒሱ ክፍተቶች ሾልኮ ወደ ላይ ይወጣል፤ ቆርቆሮው ላብ ያወጣል፤ ፀሐይ ስትወጣና ቆርቆሮው ሲሞቅ ያ ሁሉ ይንጠባጠባል። ነጭ ጋዝ የሚነድበት ቤት ከሆነ ደግሞ የባሰ ነው፤ 1 ሊትር ነጭ ጋዝ ሲነድ ወደ 1 ሊትር የሚጠጋ ውሃ በእንፋሎት መልክ ይወጣዋል።

ለመለየት ዝናብ ያልነበረበትን ብርዳም ሌሊት ይምረጡ። ፀሐይ ከመውጣቷ በፊት አንድ የኮርኒስ ቁራጭ ያንሱና በባትሪ ይመልከቱ። ከቤቱ አየር የመጣ ላብ ከሆነ ጠብታው በቆርቆሮው ሆድ ላይ ሰፋ ብሎ ተበትኗል፤ የምስማሮቹ ጫፍ ሁሉ ጠብታ አንጠልጥሏል። የዝናብ ፍሳሽ ከሆነ ቆርቆሮው ደርቆ ሳለ ከአንድ ቦታ የሚነሳ የውሃ መንገድ እድፍ ያገኛሉ፤ በዚያ ቦታ እንጨቱም ጠቁሯል። ኮርኒሱ ላይ የሚተወው እድፍም ይለያያል፤ የዝናቡ በየጊዜው እየሰፋ ቀለበት በቀለበት ይሆናል፣ የላቡ ግን ብዙ ትናንሽ ነጠብጣብ ነው።

ቀዳዳውን ከእድፉ ትክክል በላይ መፈለግ

ጣሪያው በእርግጥ የሚያፈስ ከሆነም ውሃው ከቀዳዳው ቀጥ ብሎ ቁልቁል አይወርድም። በቆርቆሮው ስር ወይም በሞራሌው ላይ ተንሸራቶ ዝቅ ያለ ቦታ ወይም ጉጥ ሲያገኝ ይንጠባጠባል። ስለዚህ ፍለጋው ከእድፉ ወደ ጣሪያው አናት አቅጣጫ መሄድ አለበት። በጎማ ሲሞክሩ ከታች ይጀምሩ፤ አንዱን መስመር ጥቂት ደቂቃ ካጠጡ በኋላ ወደ ላይ ይሂዱ። ሙሉ ጣሪያውን በአንዴ ካጠጡት የገባበትን ቦታ ማወቅ አይቻልም። አሸንዳውንም አይርሱ፤ በቅጠል ከተደፈነ ውሃው ወደ ኋላ ተመልሶ ግድግዳው ላይ ይገባል፣ ቆርቆሮው ግን ቀዳዳ የለውም።

ወለል አጠገብ ያለ ጥቁር ሻጋታን «ከመሬት ነው» ማለት

ቁምሳጥን ወይም አልጋ ግድግዳው ላይ ተጠግቶ ሲቆም ከጀርባው ያለው ግድግዳ የክፍሉን ሙቀት አያገኝም፤ አየርም አይዞርበትም። የውጭ ማዕዘን ላይ ደግሞ ብርዱ ከሁለት ወገን ስለሚገባ ጥጉ ከሌላው ግድግዳ የቀዘቀዘ ነው። ሻጋታ የሚፈሰውን ውሃ እስኪያይ አይጠብቅም፤ በግድግዳው ገጽ ላይ ያለው እርጥበት 80 በመቶ ገደማ ሆኖ ከቆየ በቂው ነው። ስለዚህ እጅ ሲነካው ደረቅ የሚመስል ግድግዳም ይሻግታል።

ከመሬት የሚሳብ እርጥበት ሌላ መልክ አለው። መሬት ውስጥ ያለውን ጨው ይዞ ስለሚወጣ ውሃው ሲተን ጨው ይቀራል፤ ጨዋማ ልስን ላይ ደግሞ ጥቁር ሻጋታ ብዙም አይመቸውም። የሚያዩት ነጭ ዱቄት፣ የሚያብጥ ቀለም፣ ሲነኩት የሚረግፍ ልስንና ብዙ ጊዜ ከ1 ሜትር የማያልፍ አግድም ቡናማ መስመር ነው። ነጩ ነገር ሻጋታ መሆኑ ካጠራጠረዎ ጥቂት ፍቀው ውሃ ውስጥ ይጨምሩት፤ ጨው ከሆነ ይሟሟል።

አሁንም ካልለየ አንድ የእጅ መዳፍ የሚያክል አሉሚኒየም ፎይል ግድግዳው ላይ ዙሪያውን በፕላስተር አሽጎ ሁለት ሦስት ቀን መተው ነው። ውሃው በፎይሉ ፊት፣ በክፍሉ በኩል፣ ከታየ ምንጩ የቤቱ አየር ነው። ከጀርባው ከሆነ ግድግዳው ራሱ እርጥብ ነው። ፎይሉ የሚነግረው እዚህ ድረስ ብቻ ነው፤ ግድግዳው ከመሬት ይሁን፣ ከተሰበረ ቧንቧ ወይም ከውጭ ከሚመታው ዝናብ መርጠቡን አይለይም። ሁለት ሹል ጫፍ ያለው የእርጥበት መለኪያ ያለው ባለሙያ ቢመጣም ቁጥሩን በጥርጣሬ ይዩት፤ ጨው ያለበት ደረቅ ልስን በዚያ መሣሪያ እርጥብ ሆኖ ይነበባል።

ከውስጥ ብቻ ማየት

የጓሮው ግድግዳ የረገፈው እውነት ከታች በሚሳብ ውሃ ነው? ወጥተው ይመልከቱ። ብዙ ጊዜ ግቢው በሴራሚክ ወይም በአፈር ሲስተካከል የውጭው መሬት ከቤቱ ወለል በላይ ከፍ ብሏል፤ ወይም አሸንዳ የሌለው ጣሪያ በየክረምቱ ውሃውን ግድግዳው እግር ላይ እያፈሰሰ ጭቃ ያስረጨዋል። በአንድ ግድግዳ ብቻ የሚታይ ጉዳት ይህን ያስጠረጥራል፤ ከመሬት የሚሳበው በመካከለኛ ግድግዳዎችም ይታያልና። በሰርቪስ ቤታችን ምሳሌ ልስኑ የሚረግፈው በጓሮ በኩል ብቻ ነው። አሸንዳ መግጠምና አፈሩን ከወለሉ ቢያንስ 15 ሳንቲም ዝቅ ማድረግ ከማንኛውም ኬሚካል ይቀድማል።

ምክንያቱ ሳይታወቅ መሸፈን

ሻጋታውን በበረኪና ማጽዳት መልኩን ያጠፋዋል፣ ምንጩን አይነካውም። (በረኪናን ከአሲድ ወይም ከአሞኒያ ካለበት ማጽጃ ጋር አይቀላቅሉ፤ የሚወጣው ጋዝ መርዛም ነው።) ከመሬት እርጥበት የሚስብን ግድግዳ በሲሚንቶ መለሰን ወይም ሴራሚክ መለጠፍ የባሰ ጉዳት አለው፤ ውሃው በፊት በሚተንበት ቦታ መውጫ ሲያጣ ከሽፋኑ በላይ ድረስ ይወጣል። የጭቃ ቤት ከሆነ ከሲሚንቶው ጀርባ ያለው ጭቃና እንጨት ሳይታይ ይበሰብሳል።

በምሳሌው ቤት የኮርኒሱ ነጠብጣብ በደረቅ ሌሊትም ስለሚመጣ ሥራው ጣሪያ መቀየር አይደለም። የኮርኒሱን ክፍተቶች መድፈን፣ ከኮርኒሱ በላይ ላለው ባዶ ቦታ በሁለት ወገን ከውጭ አየር መግቢያ መተው፣ ሲበሰል መስኮት መክፈት ነው። ቁምሳጥኑ ከግድግዳው አንድ እጅ ያህል ይራቅ፤ ከተቻለ በውጭው ግድግዳ ፋንታ በውስጠኛው በኩል ይቁም። ጓሮው ከተስተካከለ በኋላ ደግሞ ያ ግድግዳ ለወራት እንዲደርቅ ይተዉት፤ አዲሱ ልስንና ቀለም የሚገባው የፎይሉ ጀርባ ደርቆ ሲገኝ ነው።