ወባ የያዘው ልጅ «ተኝቷል» ሲባል እንዴት እናጣራ?

ነርስ በሆንኩበት የመጀመሪያ ዓመት አንዲት እናት የሁለት ዓመት ልጇን አቅፋ መጣች። ወባ እንዳለበት በምርመራ ታውቋል። ስዳስሰው ትኩሳቱ በርዷል። «ሌሊቱን ሙሉ ሲነጫነጭ አድሮ ገና አሁን ተኛልኝ» አለችኝ። እኔም ሳልቀሰቅሰው ተራ እስኪደርሰው ተውኩት። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ መንዘፍዘፍ ጀመረ። የደም ስኳሩን ስንለካ 28 ሚሊግራም በዴሲሊትር ነበር። ከ40 በታች ከባድ አደጋ ነው። ግሉኮስ በደም ሥር ሰጥተነው ነቃ። ያ ግማሽ ሰዓት ግን ዛሬም ይከነክነኛል።

ስለዚህ መጀመሪያ ቀስቅሱት። ስሙን ጥሩት፤ ከነቃ ጡት ወይም ውሃ ስጡት። ዝም ካለ የጣቱን ጥፍር ጫን አድርጉ። የተኛ ልጅ እጁን ይሰበስባል፣ ያለቅሳል፣ እናቱን ይፈልጋል። ራሱን የሳተ ግን እንዲህ አያደርግም። ትኩሳቱ መውረዱ አያዘናጋችሁ። ሕፃን የሚያጠራቅመው ስኳር ትንሽ ነው፤ ሳይበላ ሲያድርና ወባው ሲጠናበት ቶሎ ያልቅበታል።

መጥባት ወይም መጠጣት ካቃተው፣ የሰጡትን ሁሉ ካስመለሰ፣ ከተንዘፈዘፈ፣ በረጅሙና በጭንቅ ከተነፈሰ፣ መዳፉ ከነጣ ወይም ሽንቱ ከጠቆረ ሳትውሉ ሳታድሩ ወደ ጤና ተቋም ውሰዱት።

መንገድ ላይስ? ነቅቶ መዋጥ ከቻለ ጡት አጥቡት፤ ካልሆነ በአንድ ብርጭቆ (200 ሚሊ ሊትር) ንጹሕ ውሃ አራት የሻይ ማንኪያ ስኳር በጥብጣችሁ በጥቂት በጥቂቱ ስጡት። ራሱን ከሳተ በአፉ ምንም ፈሳሽ አታፍሱ፤ ወደ ሳንባው ይገባል። በጎኑ አስተኙት። አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር በአንድ ሁለት ጠብታ ውሃ አርጥባችሁ ምላሱ ሥር አድርጉለት። ከዋጠው ድገሙ፤ ካልነቃም በየ20 ደቂቃው። ይህን ስታደርጉ ግን ጉዞው አይቋረጥ።

እኛ ነርሶች ደግሞ ስኳሩን አንድ ጊዜ ለክተን መተው የለብንም። ከተስተካከለ በኋላም ተመልሶ ይወርዳል፤ እስኪበላ ድረስ ደጋግመን እንለካ።

ወባ የያዛት ነፍሰ ጡርም ስኳሯ ቶሎ ይወርዳል። ላብ ካጠመቃት ወይም ንግግሯ ከተምታታ «የእርግዝና ድካም ነው» አትበሉ። ተውሳኩ እንግዴ ልጁ ውስጥ ስለሚደበቅ የጣት ደም ምርመራ ላያሳየው ይችላል። ትኩሳቱ ካልለቀቃት ተመልሳ ትመርመር፤ መድኃኒቱ እንደ እርግዝናው ወር ስለሚመረጥ ስንት ወሯ እንደሆነም ትናገር።

መከላከልን ሳስተምር «አጎበር ተጠቀሙ» ብዬ አላቆምም። እናትየዋ ራሷ ጫፉን ፍራሹ ሥር ስትወትፍ፣ ቀዳዳ እንዳለውም ስትፈትሽ አያለሁ። ከዚያ «ልጅሽ ሌሊት ትኩሳቱ በርዶ ዝም ቢልሽ ምን ታደርጊያለሽ?» እላታለሁ። «እቀሰቅሰዋለሁ» እስክትለኝ አልሸኛትም።