ከ6:30 በፊት ካርድ መንካት፦ በለንደን ባቡር ላይ ገንዘብ የሚያስበሉን ስህተቶች

አዲስ አበባ ላይ ሰዓት እየታየ የሚለዋወጥ ታሪፍ አልለመድንም። ቀላል ባቡሩ መስከረም 2008 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ዋጋው 2፣ 4 እና 6 ብር ነበር፤ የሚለያየውም በርቀት ነው። እርግጥ ታክሲው በሥራ መውጫ ሰዓት መንገዱን እያቆራረጠ ሁለቴ ሊያስከፍለን ይችላል። ግን እሱ የረዳቱ ሕግ ነው፤ የትም አልተጻፈም።

ለንደን ላይ ግን ተጽፏል። ከሰኞ እስከ ዓርብ ጠዋት ከ6:30 እስከ 9:30፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ከ16:00 እስከ 19:00 "ፒክ" ይባላል፤ ዋጋው ከፍ ይላል። የቀረው ሰዓት፣ ቅዳሜና እሑድ እንዲሁም የሕዝብ በዓላት "ኦፍ ፒክ" ናቸው። ደንቡ ይኸው ነው። ስህተቱ የሚመጣው ስንጠቀምበት ነው።

ሰዓቱን በሐበሻ መስማት

የአክስቴ ልጅ እንደመጣ ሰሞን "ከስድስት ተኩል በፊት ከገባህ ይቀንስልሃል" አልኩት በስልክ። እሱ ሆዬ ሦስት ሰዓት ሊሆን ትንሽ ሲቀረው፣ ማለትም በፈረንጅ 8:50 ላይ፣ ተዝናንቶ ገባ። ለእሱ ስድስት ተኩል እኩለ ቀን አልፎ ነው፤ ገና ብዙ ጊዜ አለው። ሙሉውን የፒክ ዋጋ ከፈለ። ጥፋቱ የእኔ ነው። በፈረንጅ 6:30 ማለት በእኛ ከንጋቱ 12 ሰዓት ተኩል ነው። 9:30 ደግሞ ሦስት ሰዓት ተኩል፣ የማታው ፒክ ከአሥር ሰዓት እስከ ምሽቱ አንድ ሰዓት። ለአዲስ መጪ ሰው ስትነግሩ የትኛውን ሰዓት እንደምትቆጥሩ አብራችሁ ተናገሩ። ከዚህ በታች የምጽፈው ሁሉ በፈረንጅ ነው።

ባቡሩ የሚነሳበትን ሰዓት ማየት

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ዋጋውን የሚወስነው ባቡሩ የተነሳበት ወይም እናንተ የደረሳችሁበት ሰዓት ሳይሆን፣ መግቢያው ላይ ካርዱን ቢጫው ማንበቢያ ላይ የነካችሁበት ደቂቃ ነው። 6:27 ነክታችሁ 6:36 በሚነሳው ባቡር ብትሳፈሩና 7:05 ብትወርዱ የከፈላችሁት ኦፍ ፒክ ነው። 6:31 ከነካችሁ ግን ያው ባቡር፣ ያው ወንበር፣ በፒክ ዋጋ።

በቁጥር እንየው። ለንደን ከመሀሉ ዞን 1 ጀምሮ ወደ ውጭ በዞን ተከፋፍላለች። ዌምብሊ ፓርክ ጣቢያ ዞን 4 ነው፤ ቤከር ስትሪት ዞን 1። በማርች 2025 በወጣው ታሪፍ ለአዋቂ ከዞን 4 እስከ ዞን 1 በፒክ 4 ፓውንድ ከ60፣ በኦፍ ፒክ 3 ፓውንድ ከ40 ነበር። ልዩነቱ 1 ፓውንድ ከ20። በሳምንት አምስት ቀን ከሆነ 6 ፓውንድ፤ 46 ሳምንት ለሚሠራ ሰው በዓመት 276 ፓውንድ። ይህ ሁሉ ጣቢያው በር ላይ በጥቂት ደቂቃ መቅደም ነው።

በአውቶቡስ ወደ ጣቢያ የምትሄዱ ደግሞ ልብ በሉ። አውቶቡሱ ላይ 6:15 የነካችሁት አይቆጠርላችሁም። የአውቶቡሱ ሒሳብ ለብቻው ነው፤ የባቡሩ ሰዓት የሚጀምረው ጣቢያው በር ላይ ነው። ስለዚህ አውቶቡሱ መንገድ ላይ ቢቆም ምን ይሆናል ብላችሁ አስቡ። 6:29ን አታነጣጥሩ። የሚቆጥረው የእናንተ ስልክ ሳይሆን የማሽኑ ሰዓት ነው፤ በሩ ላይም ሰልፍ ሊኖር ይችላል። እኔ 6:25ን ነው የምይዘው።

ተሳክቶላችሁ እንደሆነ ለማወቅ የጉዞ ታሪካችሁን ክፈቱ። በባንክ ካርድ ስትጓዙ በሩ ላይ ዋጋው አይታይም። ኦንላይን አካውንታችሁ ላይ ግን የነካችሁበት ደቂቃና የተቆረጠው ብር ጎን ለጎን ተጽፏል።

ትርፉ ለሁሉም እኩል ነው ብሎ ማሰብ

በዞን 1 ውስጥ ብቻ ለሚንቀሳቀስ ሰው በዚያው ታሪፍ ፒኩ 2 ፓውንድ ከ90፣ ኦፍ ፒኩ 2 ፓውንድ ከ80 ነበር። ለ10 ፔንስ እንቅልፍ አይቆረጥም። ከዞን 6 ለሚመጣው ግን 5 ፓውንድ ከ80 ወደ 3 ፓውንድ ከ80 ይወርድ ነበር፤ በአንድ ጠዋት 2 ፓውንድ። አውቶቡስ ጭራሽ ፒክ የለውም፤ ቀኑን ሙሉ አንድ ዋጋ ነው። ከሂትሮው አየር ማረፊያ በባቡር ወደ ዞን 1 የሚጓዝም፣ ከዞን 1 ወደዚያ የሚሄድም፣ በማንኛውም ሰዓት የፒክ ዋጋ ይከፍላል። ለሊት ተነስቶ ወደ ሂትሮው መሄድ ታሪፉን አይቀንስም።

የማታውን ፒክ መፍራት

ማታ ቢሮ ለማጽዳት ወደ መሀል ከተማ የምትገቡ፣ ይህ ለእናንተ ነው። ከ16:00 እስከ 19:00 ከዞን 1 ውጭ ተነስቶ ወደ ዞን 1 የሚገባ ሰው የሚከፍለው ኦፍ ፒክ ነው። ሰው ሁሉ ሲወጣ እናንተ ትገባላችሁና። 16:00 ሳይሞላ ልድረስ ብሎ መሮጥ፣ ከዚያም ሥራ ቦታ በር ላይ አንድ ሰዓት መቆም አያስፈልግም። ፒክ የሚከፍለው በዚያ ሰዓት ከመሀል የሚወጣው ነው።

የቀኑን ጣሪያ መርሳት

በቀን የሚቆረጥባችሁ ገንዘብ ጣሪያ አለው። ከዞን 1 እስከ 4 በ2025 ታሪፍ 12 ፓውንድ ከ80 ነበር። ከዚያ በላይ ብትጓዙ አይጨምርም፤ ካርዱን ወይም ስልኩን ሳትቀያይሩ በአንዱ ብቻ ከነካችሁ ማለት ነው። በባንክ ካርድ ገብቶ በስልክ የሚወጣ ሰው ለማሽኑ ሁለት ሰው ነው፤ ሁለቱም ጉዟቸውን ያልጨረሱ። ቅጣት የሚመስል ከፍተኛ ዋጋ ይቆረጥበታል።

አሁን በዚያው የ2025 ታሪፍ ሁለት ሥራ ያላትን ሴት አስቡ። ጠዋት ከዌምብሊ ፓርክ ወደ ቤከር ስትሪት ትገባለች፤ 10:00 ላይ ትመለሳለች፤ 16:30 እንደገና ትገባለች፤ 21:00 ወደ ቤቷ። ጠዋት 6:45 ብትነካ 4.60፣ ሌሎቹ ሦስቱ ኦፍ ፒክ ስለሆኑ 3.40፣ 3.40፣ 3.40። ድምሩ 14 ፓውንድ ከ80፤ ጣሪያው ግን 12.80 ላይ ያቆመዋል። ቀደም ብላ 6:25 ብትነካስ? አራት ጊዜ 3.40፣ 13 ፓውንድ ከ60። እሱንም ጣሪያው 12.80 ላይ ያቆመዋል። አንድ ሳንቲም አልተረፈም። ጠዋት አንድ ጊዜ ገብቶ በማታው ፒክ አንድ ጊዜ የሚወጣው ጎረቤቷ ግን 9.20 የነበረው 8 ፓውንድ ይሆንለታል። ሁለቱም አንድ ጣቢያ፣ አንድ ጠዋት። እሱ ይቅደም፤ እሷ ያቺን ሃያ ደቂቃ ትተኛባት።